የሞገድ ጥቅል ስለ ምን ይሰፋል?
ኤሌክትሮንን በአንድ ስፍራ ስለ መወሰን በ1926 እና በ1927 የተደረገ ክርክር



በዛሬው ንግግራችን የምናወሳው ታሪክ በ1926 እና በ1927 በአውሮፓ የተፈጸመ ነው። ዘመኑን ሁሉ የምንቈጥረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን። ታሪኩ የጦርነት ወይም የነገሥታት ታሪክ አይደለም፤ በጥቂት ሊቃውንት መካከል በደብዳቤና በመጽሔት የተደረገ ክርክር ነው። የክርክሩም ፍሬ ነገር ይህ ነበር፤ ኤሌክትሮን የሚባለው ረቂቅ ነገር ከሞገድ የተሠራ ከሆነ፣ ያ ሞገድ ሳይበተን በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ ሊኖር ይችላልን?

ጥያቄው የተነሣበት ምክንያት እንደሚከተለው ነው። በ1924 ፈረንሳዊው ሉዊ ደ ብሮይ ለእያንዳንዱ ተንቀሳቃሽ ቅንጣት የሚተባበረው ሞገድ አለ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። በ1926 በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት የ38 ዓመቱ ኦስትሪያዊ ፕሮፌሰር ኤርቪን ሽሬዲንገር፣ ይህ ሞገድ ከጊዜ ወደ ጊዜ እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚገልጸውን ቀመር አገኙ። ቀመሩ የሃይድሮጅንን አቶም የኃይል ደረጃዎች በትክክል ስለ ሰጠ ሥራቸው በአጭር ጊዜ ተደነቀ። ይሁን እንጂ ሞገዱ ራሱ ምንድን ነው? የምን ሞገድ ነው? ፕሮፌሰር ሽሬዲንገር በዚያን ጊዜ ያመኑት ሞገዱ እውነተኛው ነገር እንደ ሆነ ነው። የኤሌክትሮን የኤሌክትሪክ መጠን በሞገዱ ውስጥ ተዘርግቶ ይገኛል፤ እኛ «ቅንጣት» የምንለውም ብዙ ሞገዶች በአንድ ጠባብ ስፍራ ተሰብስበው ጎልተው የታዩበት ነው ብለው አሰቡ። ይህንንም ስብስብ «የሞገድ ጥቅል» እንለዋለን።

የሞገድ ጥቅል እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት አንድ ኩሬ እናስብ። አንድ ሞገድ ብቻውን በኩሬው ላይ ቢሄድ ከዳር እስከ ዳር እኩል ከፍና ዝቅ ይላል፤ «እዚህ ነው» ሊባል አይችልም። ነገር ግን ርዝመታቸው በጥቂቱ የሚለያይ ብዙ ሞገዶች በአንድ ላይ ቢደረቡ፣ በአንድ ስፍራ ጫፋቸው ይገጥምና ይበረታሉ፤ ከዚያ ስፍራ ውጭ ግን አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ስለሚል እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ። በዚህ ዓይነት አንድ ጉብታ ብቻ ይቀራል። የጉብታው ቅርጽ እንደ ደወል መካከሉ ከፍ ያለ፣ ግራና ቀኙ ለስለስ ብሎ የሚወርድ ሲሆን፣ በጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ በካርል ፍሬድሪክ ጋውስ ስም «የጋውስ ጥቅል» ይባላል። ለሒሳብ የሚመች ከመሆኑም በላይ፣ ከጥቅሎች ሁሉ ስፍራንና ፍጥነትን በአንድ ላይ አጥብቦ የሚይዝ ይህ ቅርጽ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ጉብታውን ጠባብ ለማድረግ የምንሻ ከሆነ፣ በርዝመታቸው እጅግ የሚለያዩ ሞገዶችን መደረብ ያስፈልገናል። በርዝመት የሚቀራረቡ ጥቂት ሞገዶችን ብቻ ብንደርብ ግን ጉብታው ሰፊ ይሆናል። የሞገዱ ርዝመት ደግሞ በደ ብሮይ ሕግ መሠረት ከኤሌክትሮኑ ፍጥነት ጋር የተያያዘ ነው፤ አጭር ሞገድ ፈጣን፣ ረጅም ሞገድ ዘገምተኛ ነው። እንግዲህ ጠባብ ጥቅል ማለት ብዙ ዓይነት ፍጥነቶችን በውስጡ የያዘ ጥቅል ማለት ነው።

የሚመጣውን ችግር አስቀድመው ያዩት ሆላንዳዊው ሽማግሌ ሊቅ ሄንድሪክ ሎሬንትዝ ናቸው። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው 72 ዓመት ነበር። ፕሮፌሰር ሽሬዲንገር ጽሑፎቻቸውን ልከውላቸው ስለ ነበር፣ በግንቦት 27 ቀን 1926 ከሃርለም ከተማ ረጅም ደብዳቤ ጻፉላቸው። ሎሬንትዝ የሽሬዲንገርን መንገድ ንቀው የጻፉ አልነበሩም፤ እንዲያውም በዓይነ ኅሊና ሊታይ የሚችል በመሆኑ ከሃይዘንበርግ የሒሳብ ሰንጠረዥ ይልቅ ይህን እንደሚመርጡ ገልጸዋል። ነገር ግን አንድ ከባድ መቃወሚያ አቀረቡ። የሞገድ ጥቅል ለረጅም ጊዜ በትንሽ ስፍራ ተሰብስቦ ሊቆይ አይችልም፤ ከጊዜ ብዛት ይሰፋል፤ ስለዚህ ጸንቶ የሚኖር ህልውና አለው ለምንለው እንደ ኤሌክትሮን ላለ ነገር ተተኪ ሊሆን አይችልም አሉ።

የመስፋቱ ምክንያት ከላይ ከተናገርነው በቀጥታ የሚከተል ነው። በአንድ ሜዳ ላይ ብዙ ፈረሰኞች በአንድ መስመር ተሰልፈው በአንድ ጊዜ ቢነሡ፣ በመጀመሪያ ተቃቅፈው የሚሄዱ ይመስላሉ። ነገር ግን አንዱ ፈረስ ፈጣን ሌላው ቀርፋፋ ስለ ሆነ፣ ጥቂት እንደ ሄዱ ሰልፉ ይረዝማል፤ ፈጣኑ ከፊት፣ ቀርፋፋው ከኋላ ይሆናል። ማንም አልገፋቸውም፤ ማንም አልበተናቸውም፤ ልዩ ልዩ ፍጥነት በመካከላቸው መኖሩ ብቻ በቂ ነው። በነጻ የሚሄድ የሞገድ ጥቅልም እንዲሁ ነው። ምንም ኃይል ሳይነካው፣ በውስጡ ያሉት ሞገዶች በፍጥነት ስለሚለያዩ ብቻ ይሰፋል። ከዚህም የተነሣ ነገሩ ተቃራኒ የሚመስል ጠባይ አለው፤ በመጀመሪያ ይበልጥ አጥብበን የያዝነው ጥቅል ይበልጥ ፈጥኖ ይበተናል።

ምን ያኽል እንደሚሰፋ በቍጥር እንመልከት። የጥቅሉን ስፋት የምንለካው ከመካከሉ ወደ አንድ ወገን ነው፤ ይኸውም ኤሌክትሮኑ ከ100 ጊዜ 68 ጊዜ ያኽል በዚያ ርቀት ውስጥ፣ ወዲህ ወይም ወዲያ፣ የሚገኝበት ርቀት ነው። ይህን ንግግር በጋዜጣ ለሚያነቡ ቀመሩ እንዲህ ይጻፋል፤

σ(t) = σ₀ √(1 + (ħt / 2mσ₀²)²)

በዚህ ቀመር σ₀ የመጀመሪያው ስፋት፣ σ(t) ከጊዜ t በኋላ ያለው ስፋት፣ m የቅንጣቱ ክብደት ነው። ħ የፕላንክ ቍጥር ለሁለት ጊዜ ፓይ ተካፍሎ የሚገኘው ሲሆን መጠኑ 1.05 × 10⁻³⁴ ጁል ሴኮንድ ነው። ቀመሩ በቃል ሲነገር ሁለት ነገር ይላል። አንደኛ፣ ጥቅሉ በመጀመሪያ ለጥቂት ጊዜ የማይለወጥ ይመስላል። ሁለተኛ፣ አንድ የተወሰነ ጊዜ ካለፈ በኋላ ስፋቱ በእኩል ፍጥነት ይጨምራል። ያ የተወሰነ ጊዜ የሚገኘው የመጀመሪያውን ስፋት በራሱ፣ ከዚያም በክብደቱ ሁለት እጥፍ አባዝቶ ለ ħ በማካፈል ነው።

አሁን ኤሌክትሮኑን በአቶም መጠን በሚሆን ስፍራ፣ ማለት ከአንድ ሚሊ ሜትር 10 ሚሊዮን እጅ አንድ እጅ በሚሆን ስፋት ይዘን እንልቀቀው። የኤሌክትሮን ክብደት 9.1 × 10⁻³¹ ኪሎ ግራም ነው። ሒሳቡን ብንሠራ የተወሰነው ጊዜ 1.7 × 10⁻¹⁶ ሴኮንድ ይሆናል። ይህም አንድ ሴኮንድ ለ6 ሚሊዮን ቢሊዮን ቢከፈል ከዚያ አንዱን ክፍል ያኽላል። ከዚያ በኋላ ጥቅሉ በሴኮንድ 580 ኪሎ ሜትር ያኽል እየሰፋ ይሄዳል። በአንድ ሴኮንድ ሚሊዮንኛ ውስጥ ከግማሽ ሜትር በላይ ይሆናል፤ አንድ ሙሉ ሴኮንድ ቢቆይ ደግሞ ስፋቱ 580 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። እንግዲህ የሎሬንትዝ መቃወሚያ ምን ያኽል ብርቱ እንደ ነበረ ከዚህ ይታያል። ኤሌክትሮን ማለት ሞገዱ ራሱ ከሆነ፣ ከአቶም የወጣ ኤሌክትሮን ዓይን ተከፍቶ እስኪከደን እንደ ጉም በአገር ላይ ይዘረጋል ማለት ነው። የኤሌክትሮንን አንድ ሺህኛ ወይም አንድ ሚሊዮንኛ ክፍል ለብቻው ያገኘ ሰው ግን እስከ ዛሬ ድረስ የለም፤ በመሣሪያ ላይ ሲገኝ ሁልጊዜ ሙሉውን በአንድ ነጥብ ይገኛል።

ፕሮፌሰር ሽሬዲንገር ዝም አላሉም። በሰኔ 6 ቀን 1926 ለሎሬንትዝ መልስ ሲጽፉ አንድ አጭር ጽሑፍ አያይዘው ላኩ፤ ጽሑፉም በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር በጀርመን መጽሔት ታተመ። በዚህ ጽሑፍ የማይበተን ጥቅል መኖሩን በሒሳብ አስረዱ። የመረጡት ምሳሌ በመለጠጫ ሽቦ ጫፍ ታስሮ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ቅንጣት ነበር። ለዚህ ቅንጣት የሚሆን የጋውስ ጥቅል በተገቢው ስፋት ቢዘጋጅ፣ ቅርጹን ሳይለውጥ ልክ እንደ ትንሽ ኳስ ሲወዛወዝ ይኖራል። ሽሬዲንገር በዚህ ተደስተው፣ በሃይድሮጅን አቶም ዙሪያ የሚዞር ኤሌክትሮንም እንዲሁ በማይበተን ጥቅል ሊሠራ እንደሚችል፣ የሒሳቡ ሥራ ብቻ እንደሚከብድ ያላቸውን ተስፋ ገለጹ።

ተስፋው ግን አልጸናም። በዚያን ጊዜ በኮፐንሃገን በኒልስ ቦር ዘንድ ይሠሩ የነበሩት የ25 ዓመቱ ቨርነር ሃይዘንበርግ በመጋቢት 1927 ለመጽሔት በላኩት ታላቅ ጽሑፍ ውስጥ፣ የሽሬዲንገር ምሳሌ የተሳካው በልዩ ዕድል መሆኑን አመለከቱ። የሚወዛወዘው ቅንጣት የኃይል ደረጃዎች እንደ መሰላል እርከን ሁሉም በእኩል ርቀት የተቀመጡ ናቸው። ስለዚህ በጥቅሉ ውስጥ ያሉት ሞገዶች ሁሉ በአንድ ምት እንደሚያጨበጭቡ ሰዎች፣ እያንዳንዱ ዙር ሲፈጸም እንደገና ይገጥማሉ። በሃይድሮጅን አቶም ግን እርከኖቹ ወደ ላይ በወጡ ቍጥር እየተቀራረቡ ይሄዳሉ፤ ምታቸው ስለማይገጥም ጥቅሉ ይበተናል። በነጻ የሚሄደው ኤሌክትሮን ደግሞ ወደ ስፍራው የሚመልሰው ኃይል ከቶ ስለሌለው የሚሰበስበው ነገር የለም።

በዚያው በ1927 በጌቲንገን ይሠሩ የነበሩት አሜሪካዊው ኧርል ኬናርድ የነጻውን ጥቅል ነገር በትክክለኛ ሒሳብ ሠሩ። የታላቁ የቻርልስ ዳርዊን የልጅ ልጅ የሆኑት እንግሊዛዊው ቻርልስ ጋልተን ዳርዊንም በነጻ ስለሚሄድ ቅንጣት በዚያው ዓመት ጻፉ። ከዚህም የታወቀው የጋውስ ጥቅል በሚሰፋበት ጊዜ የደወል ቅርጹን እንደማይለቅ፣ መካከሉም እንደ ተራ ድንጋይ በእኩል ፍጥነት ቀጥ ብሎ እንደሚሄድ ነው። ኬናርድ በተጨማሪ የስፍራው ስፋትና የግፊቱ ስፋት፣ ግፊት ስንል ክብደት በፍጥነት ሲባዛ የሚገኘው ነው፣ እርስ በርስ ቢባዙ ከ ħ ግማሽ በታች ሊወርዱ እንደማይችሉ በጥንቃቄ አረጋገጡ። የጋውስ ጥቅል ከዚህ ድንበር ጋር የሚነካካው በጠባቡ ቅጽበት ብቻ ነው። ሲሰፋ የፍጥነቱ ስብጥር ምንም አይለወጥም፤ የሚያድገው የስፍራው ስፋት ብቻ ነው።

ታዲያ የሚሰፋው ምንድን ነው? መልሱን በ1926 የጌቲንገኑ ማክስ ቦርን ሰጥተው ነበር። ሞገዱ የኤሌክትሮኑ ሥጋ አይደለም፤ ኤሌክትሮኑ በዚህ ወይም በዚያ ስፍራ የመገኘቱን ዕድል የሚነግር ነው። የሞገዱ መጠን በራሱ ሲባዛ ያ ዕድል ይገኛል። ስለዚህ የፈረሰኞቹ ምሳሌ ከአንድ ወሰን በላይ አያስኬደንም። ፈረሰኞቹ ብዙ ናቸው፤ ኤሌክትሮኑ ግን አንድ ነው። ጥቅሉ 580 ኪሎ ሜትር ሰፋ ማለት ኤሌክትሮኑ ተዘረጋ ማለት ሳይሆን፣ ብንፈልገው የሚገኝበት ስፍራ አስቀድሞ አልተወሰነም ማለት ነው። በተገኘም ጊዜ ሙሉ ሆኖ በአንድ ስፍራ ይገኛል፤ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ አዲስ ጠባብ ጥቅል ይጀምራል፤ እርሱም ተመልሶ ይሰፋል። በአንድ ስፍራ መወሰን ለኤሌክትሮን የዘወትር ንብረቱ ሳይሆን፣ በአንድ ጊዜ የሚደርስበትና ወዲያው የሚለቀው ሁኔታ ነው።

አድማጮቻችን ግን አንድ ጥያቄ ሳያነሡ አይቀሩም። እንዲህ ከሆነ በቴሌቪዥን ሣጥን ውስጥ ይሠራበት የነበረው የኤሌክትሮን ጨረር በመስተዋቱ ላይ ጥርት ያለ ነጥብ እንዴት ሊሥል ቻለ? መልሱ በቀመሩ ውስጥ ነው። በዚያ መሣሪያ ኤሌክትሮኑ የሚያዘው በአቶም ስፋት ሳይሆን ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ በሚሆን ስፋት ነው እንበል። ይህ ከአቶም አንድ ሚሊዮን ጊዜ ይበልጣል፤ ስለዚህ የመስፋቱ ፍጥነት አንድ ሚሊዮን ጊዜ ያንሳል፤ በሴኮንድ 58 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። መስፋቱ ጎልቶ እስኪታይ ድረስም የአንድ ሴኮንድ 6 ሺህኛ ያኽል ያስፈልጋል። ኤሌክትሮኑ ግን በሴኮንድ 10 ሚሊዮን ሜትር ቢሄድ 30 ሳንቲ ሜትሩን መንገድ በአንድ ሴኮንድ 30 ሚሊዮንኛ ያኽል ጊዜ ይጨርሳል። ጥቅሉ ለመስፋት ጊዜ አላገኘም። በጉም ሣጥን ውስጥ የሚታየው የኤሌክትሮን ዱካም እንዲሁ ነው። ዱካውን የሚያሳዩት የውኃ ነጠብጣቦች ከአቶም እጅግ የሚተልቁ ስለ ሆኑ ስፍራውን የሚወስኑት በግምት ብቻ ነው፤ በአንዱና በሚቀጥለው ነጠብጣብ መካከል ያለው ጊዜም እጅግ አጭር ነው። ሃይዘንበርግን በኮፐንሃገን ሲያስጨንቃቸው የነበረው የዱካው ጥያቄ የተፈታው በዚህ መንገድ ነው።

ክብደት ሲጨምር ነገሩ ይበልጥ ይለወጣል። ከአንድ ግራም ሚሊዮንኛ የሚመዝን የትቢያ ቅንጣት ወስደን፣ ስፍራውን እስከ አንድ ሚሊ ሜትር ሺህኛ ድረስ ብንወስን፣ መስፋቱ ጎልቶ እንዲታይ 600 ሺህ ዓመት ያስፈልጋል። በእጃችን የምንይዘው ጠጠር በአንድ ስፍራ ጸንቶ የሚታየን ከሌላ ሕግ በታች ስለ ሆነ አይደለም፤ ያው ሕግ በክብደቱ ምክንያት እጅግ ስለሚዘገይበት ነው። ከዚህም ጋር በዙሪያው ያለው ብርሃንና አየር ዘወትር ስለሚነካው ስፍራውን ያለማቋረጥ ይመዘግብበታል።

መስፋቱ በሙከራ እንዴት እንደሚታወቅ መናገርም ያስፈልጋል። አንድ ኤሌክትሮን አንድ ነጥብ ብቻ ስለሚሰጥ፣ ከአንድ ኤሌክትሮን ስለ ስፋት ምንም ማወቅ አይቻልም። በአንድ ዓይነት መንገድ የተዘጋጁ ብዙ ኤሌክትሮኖችን አንድ በአንድ መልቀቅና ነጥቦቹ ምን ያኽል እንደ ተራራቁ መለካት ግድ ነው። እዚህ ላይ የሚያሳስት ነገር አለ። ሙቀት ወይም የመሣሪያው ጕድለት የኤሌክትሮኖቹን ፍጥነት ስለሚያለያየው፣ ጨረሩ በተራ ምክንያትም ሊሰፋ ይችላል። ሁለቱን የሚለየው ምልክት ግን ግልጽ ነው። ጨረሩ የሚያልፍበትን ቀዳዳ እያጠበብን ብንሄድ፣ በሙቀት የሚመጣው የፍጥነት ልዩነት ከቀዳዳው ስፋት ጋር አይለወጥም። ከሞገድ ጠባይ የሚመጣው ግን ቀዳዳው በግማሽ ሲጠብ መስፋቱ በእጥፍ ይፈጥናል።

ቀመሩ ወሰን አለው። ጥቅሉን ከአቶም ስፋት 500 ጊዜ ያኽል ባነሰ ስፍራ ለማጥበብ ብንሞክር፣ ቀመሩ ከብርሃን ፍጥነት የሚያልፍ መስፋት ይሰጣል። ይህ ሊሆን ስለማይችል ከዚያ ሳንደርስ ቀመሩን ትተን የአንስታይንን የአንጻራዊነት ሕግ ወደሚያከብረው ወደ ዲራክ ቀመር መሻገር አለብን።

የሽሬዲንገርን የአቶም ተስፋ በተመለከተ በ2004 በአሜሪካ በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ሊቃውንት በሊቲየም አቶም ውስጥ ከአስኳሉ ርቆ የሚዞረው ኤሌክትሮን ጥቅል ለረጅም ጊዜ ሳይበተን እንዲዞር አድርገዋል። ይህን ያገኙት ግን አቶሙን ለብቻው በመተው ሳይሆን፣ ከኤሌክትሮኑ ዙር ጋር የሚገጥም የማይክሮዌቭ ሞገድ ከውጭ በማያቋርጥ መንገድ በመስጠት ነው። የውጭው ምት እንደ እረኛ ሆኖ ጥቅሉን ይሰበስበዋል። ለራሱ የተተወ ጥቅል ግን ሽማግሌው ሎሬንትዝ በ1926 እንደ ጻፉት ይበተናል።

ፕሮፌሰር ሎሬንትዝ በጥቅምት 1927 በብራስልስ የተደረገውን የሊቃውንት ጉባኤ በሊቀ መንበርነት መሩ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም በየካቲት 1928 ዐረፉ። በደብዳቤያቸው ያነሡት መቃወሚያ የሽሬዲንገርን ቀመር አላፈረሰውም፤ ቀመሩ እስከ ዛሬ ጸንቶ ይሠራበታል። ያፈረሰው ቀመሩ የሚናገርለት ነገር የተዘረጋ ቁስ ነው የሚለውን ሐሳብ ነው። ኤሌክትሮን የት ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ ከዚያ ወዲህ፣ መቼና በምን ያኽል ጥብቀት ተይዞ እንደ ተለቀቀ አብሮ መጠየቅ ግዴታው ሆኗል።